ፖታሲየምና ካልሲየም በነርሲንግ ፈተና፦ ስለ አሸመዳደድ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«የማስታወሻውን ፊደላት ከያዝኩ ጥያቄው አያመልጠኝም።»

ያመልጣል፤ በተለይ ስለ ሃይፐርካሌሚያ፣ ማለትም በደም ውስጥ ፖታሲየም ሲበዛ ስለሚመጣው መዛባት ሲጠየቅ። ተማሪዎች የሚይዟቸው ፊደላት አብዛኛውን ጊዜ የምልክቶች ስም መነሻዎች ናቸው፦ የጡንቻ መድከም፣ የሽንት ማነስ፣ የልብ ምት መዛባት። ፈተናው ግን በብዛት የሚጠይቀው ቅደም ተከተልን ነው። ስለዚህ ከፊደላት ይልቅ ሦስት ግሶችን በተርታ መያዝ ይሻላል፦ ጠብቅ፣ አስገባ፣ አስወጣ።

አንድ ጥያቄ እንውሰድ። ኩላሊቱ የደከመ ሕመምተኛ ሁለት ዙር እጥበት አምልጦታል። ፖታሲየሙ 7.1 ሚሊሞል በሊትር ደርሷል፤ ጤናማው መጠን ከ3.5 እስከ 5.0 ነው። የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚመዘግበው ኢሲጂ ላይ የቲ ሞገድ ረዝሞ ሾሏል፣ የኪውአርኤስ ክፍልም ሰፍቷል። ሐኪሙ ካልሲየም ግሉኮኔት፣ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር እና እጥበት አዝዟል። ነርሷ በቅድሚያ የትኛውን ትሰጣለች?

ብዙ ተማሪ እጥበትን ይመርጣል፤ ፖታሲየምን ከሰውነት የሚያወጣው እሱ ነውና። ነገር ግን ኢሲጂው ልብ አደጋ ላይ መሆኑን እየተናገረ ነው። «ጠብቅ» የሚለው ግስ ወደ ካልሲየም ግሉኮኔት ይመራል፤ በደቂቃዎች ውስጥ የልብን ጡንቻ ያረጋጋል። «አስገባ» ኢንሱሊን ነው፤ ፖታሲየምን ከደም ወደ ሴል ውስጥ ይነዳል፣ ግሉኮሱም የደም ስኳር እንዳይወርድ አብሮ ይሰጣል። «አስወጣ» እጥበቱ ነው። ፈታኞች የሚወዱት ወጥመድ ከዚህ ይቀጥላል፦ ካልሲየሙ ከተሰጠ በኋላ ፖታሲየም ሲለካ አሁንም 7.1 ነው። መድኃኒቱ አልሠራም? ሠርቷል፤ ሥራው ልብን መጠበቅ እንጂ ፖታሲየምን መቀነስ አልነበረም። የኢሲጂው መሻሻል ነው የሚታየው። ግሶቹን ከነምክንያታቸው የያዘ ተማሪ እዚህ ላይ አይደናገርም።

«ሃይፐር ከሆነ ሁሉም ነገር ይጨምራል፣ ሃይፖ ከሆነ ሁሉም ነገር ይቀንሳል።»

ይህ ማስታወሻ አጭር ስለሆነ ይወደዳል፤ ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል። ለቲ ሞገድና ለፖታሲየም ይሠራል፦ ፖታሲየም ሲወጣ ሞገዱ ይሾላል፣ ሲወርድ ይተኛል፣ የዩ ሞገድም ብቅ ሊል ይችላል። ጡንቻ ላይ ግን ይወድቃል፤ ፖታሲየም ሲበዛም ሲያንስም ጡንቻ ይደክማል። ስለዚህ «ድካም አለው» የሚል ጥያቄ ብቻውን ሁለቱን አይለይም፤ የሚለየው ኢሲጂው ወይም የላቦራቶሪው ውጤት ነው።

ካልሲየም ላይ ደግሞ ጨርሶ ይገለበጣል። ካልሲየም የነርቭ ሴል በር ጠባቂ ነው፤ ሶዲየም በቀላሉ እንዳይገባ ያግዳል። ሲያንስ በሩ ይላላል፣ ነርቩ በትንሽ ነገር ይቀሰቀሳል፦ የጣቶች መደንዘዝ፣ የጡንቻ መኮማተር፣ የደም ግፊት መለኪያው ሲነፋ እጅ የሚጨማደድበት የትሩሶ ምልክት። ሲበዛ ደግሞ ጡንቻ ይዝላል፣ ሪፍሌክስም ይቀንሳል። «ካልሲየም ሲወርድ ነርቭ ይነሣል» የምትለው አንዲት ዐረፍተ ነገር ሙሉ የምልክት ዝርዝርን ትተካለች።

«ማስታወሻዬን በየቀኑ ደግሜ አነባለሁ፤ እያራራቁ መከለስ ማለት ይኸው ነው።»

አይደለም። ገጹን ደጋግሞ ሲያዩት ዐይን ይለምደዋል፣ መልሱም የታወቀ ይመስላል፤ ገጹ ሲዘጋ ግን አይመጣም። እያራራቁ መከለስ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ መልሱን ከማየት በፊት ከራስ ማውጣት እና ክፍተቱን ማስፋት። በአንድ ገጹ ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ የያዘ ካርድ ዛሬ ያዘጋጀ ሰው በማግስቱ፣ ከዚያ ከሦስት ቀን፣ ከሳምንት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሱን ይጠይቃል። ካርዱን ሳይገለብጥ መልሱን በወረቀት ላይ መጻፍ ራስን ከማታለል ያድናል። የሳተው ካርድ ወደ መጀመሪያው ክፍተት ይመለሳል፤ የመለሰው ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ሃይፐርካሌሚያንና ሃይፖካሌሚያን በአንድ ቀን መጀመር አልመክርም፤ ተመሳሳይ ስለሆኑ እርስ በርስ ይደባለቃሉ። አንዱ ሲጸና ሌላው ይጨመር፣ ከዚያ በኋላ ግን ካርዶቹ ይደባለቁ፤ ፈተናው በምዕራፍ ተለይቶ አይመጣምና።

«በአንድ ካርድ ላይ መንስኤውን፣ ምልክቱንና ሕክምናውን ብጽፍ ጊዜ አተርፋለሁ።»

ከአምስት ነጥብ አራቱን ያስታወሰ ሰው ካርዱን «አውቄዋለሁ» ብሎ ያሳልፈዋል፤ አምስተኛው ተሸፍኖ ይቀራል። አንድ ካርድ አንድ ጥያቄ ይያዝ፦ «ካልሲየም ግሉኮኔት ፖታሲየምን ይቀንሳል? ለምን?» ደጋግሞ የሚሳት ካርድ ካለም ብዙውን ጊዜ ሁለት ጥያቄ ስለያዘ ነው፤ ለሁለት ይከፈል።