የጭላዳው ፎቶ፦ የሰው ምስል ላይ ያለን ስም፣ ሎጎና ጽሑፍ መንካት እስከ የት ይፈቀዳል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ባነርና ፍላየር የሚሠራ ቤት ገብቶ ጥቂት የቆየ ሰው አንድ ጥያቄ መስማቱ አይቀርም። «ይቺን ጽሑፍ አጥፋልኝና የኔን ሎጎ አድርግበት።» ጽሑፏ ብዙ ጊዜ የፎቶ አንሺው ስም ናት። ጠያቂው ክፋት የለበትም። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ አገኘው፣ ወደደው፣ በቃ። ሠሪውም በደቂቃ ያጠፋታል። በዚህች ደቂቃ ውስጥ ግን ከሁለት በላይ ሕግ ሊነካ ይችላል። ጉዳዩን በአንድ ፎቶ ላይ ብንከታተለው ይቀለናል።

ፎቶው የጭላዳ ነው እንበል። አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ ሌሊት ተነስቶ መንዝ ጓሳ ወጣ። ብርዱን ችሎ ሣሩ ውስጥ ተቀመጠ። ፀሐይ ስትወጣ አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ጋማው በነፋስ ተነስቶ፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ወለል ብሎ ታየ። ልጁ አነሳው። ከታች በግራ በኩል፣ ሣሩ ላይ፣ በትንሽ ነጭ ፊደል ስሙን፣ «ደብረ ብርሃን» የሚለውንና ስልኩን ጻፈ። ከላይ ደግሞ «መንዝ ጓሳ» አለ። ከዚያ ለቀቀው።

ከወር በኋላ ፎቶው የአንድ አስጎብኚ ፍላየር ላይ ወጣ። የታችኛው ጠርዝ ተቆርጧል። ከቁርጡ የተረፈው የስሙ ጫፍ ሣር ተቀድቶበት ተሸፍኗል። ቀኝ ጥግ ላይ የአስጎብኚው ሎጎ ተቀምጧል። «መንዝ ጓሳ» የነበረው ደግሞ «ሰሜን ተራሮች» ሆኗል። ጭላዳ ሁለቱም ጋ አለ፤ ስለዚህ የሚጠረጥር ሰው የለም። አንድ ፎቶ ላይ ሦስት ነገር ተሠራ ማለት ነው። ስም ጠፋ፣ የሌላ ሰው ምልክት ገባ፣ ጽሑፍ ተቀየረ። ሦስቱ አንድ አይደሉም።

ከስሙ እንጀምር። አገራችን ላይ ይህን የሚገዛው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410 ነው። በ2007 ዓ.ም. ማሻሻያ ተደርጎለታል። አዋጁ ፈጣሪውን «የሥራ አመንጪ» ይለዋል። አብዛኛው ሥራ፣ ግጥም ይሁን ሥዕል፣ ገና ሲፈጠር ጥበቃ ያገኛል። ምዝገባ አይጠይቅም። ፎቶ ላይ ግን አዋጁ ለየት ያለ ነገር ያደርጋል። ፎቶ የሚጠበቀው የስብስብ አካል ሲሆን፣ ወይም መጽሐፍ ውስጥ ሲታተም፣ ወይም ደግሞ የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ሲይዝ ነው።

እዚህች ላይ ቆም እንበል። ብዙ ሰው ዋተርማርክን እንደ ማስታወቂያ ያያታል። «ስሙን ለማስተዋወቅ ነው፣ ባትኖርስ ምን አለ?» ይላል። በእኛ ሕግ ግን ያቺ ትንሽ ጽሑፍ ፎቶው የሚጠበቅበት አንዱ በር ናት። መጽሐፍ ላይ ላላሳተመና ስብስብ ለሌለው የክፍለ ሀገር አንሺ ደግሞ ያለው በር እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስምና ስልክ ማጥፋት የቤት ታፔላ እንደ መንቀል ሳይሆን ካርታውን እንደ መቅደድ ነው። ካርታው ቢቀደድም ቤቱ የባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ግን ማስረዳቱ ላይ ይቸገራል። አንሺዎችም ከዚህ አንድ ነገር ይያዙ። ስም ብቻ መጻፍ አይበቃም። «ቶማስ ፎቶ» ብሎ ማለፍ አድራሻ አይሆንም። ከተማና ስልክ ይጨመርበት።

አዋጁ ለአመንጪው ሁለት ዓይነት መብት ይሰጣል። አንዱ የኢኮኖሚ መብት ነው። ማባዛት፣ ማሰራጨት፣ ሌላ መልክ መስጠት የሱ ነው፤ ሌላው ማስፈቀድ አለበት። ለፎቶ ይህ መብት ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይቆያል። ሁለተኛው የሞራል መብት ነው። «ይህ የኔ ሥራ ነው» የማለት፣ ደግሞም ክብሩን ወይም ዝናውን በሚጎዳ መልኩ ሥራው እንዳይዛባ የመቃወም መብት። የጭላዳው ፍላየር ሁለቱንም ነክቷል። ያለፈቃድ ተባዝቷል፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስሙ ጠፍቷል፣ ቦታውም ተቀይሯል፤ ይህ ሁለተኛው ነው። የጓሳን ፎቶ የሰሜን ተራሮች አድርጎ ማውጣት አንሺውን ዋሾ ያስመስለዋል። ጓሳን ለብዙ ዘመን በራሱ ደንብ ጠብቆ ያቆየው የመንዝ ሕዝብም ከፎቶው ይጠፋል። ይሄኛው ሕግ ላይ በጉልህ የተጻፈ አይደለም፤ ለኔ ግን ከስሙ መጥፋት እኩል ያሳዝነኛል።

አሁን የማይከለከለውን እንይ፤ ሁሉም ነገር ወንጀል እንዳይመስል። አንድ ሰው ፎቶውን ለራሱ፣ ለግሉ፣ አንድ ቅጂ ቢያወርድና ስልኩ ላይ ቢያደርግ ሕጉ አይከለክለውም። ባነር ማሳተም ግን የግል ጥቅም አይደለም። 25 ዓመት ያለፈው ፎቶም የኢኮኖሚ መብቱ አብቅቷል። በ1990 ዓ.ም. የተነሳ የአንኮበር ፎቶ ዛሬ ያለ ክፍያ ሊታተም ይችላል። ያኔም ቢሆን የሌላን ሰው ስም ፍቆ የራስን መለጠፍ ውሸት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሠርግ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ሌላ ውል ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ የአዛዡ ነው። ስለዚህ ሙሽሮቹ የከፈሉበትን ፎቶ ቢያሳትሙም፣ ቢለጥፉም መብታቸው ነው። አንሺው «ያለኔ ፈቃድ ለምን ለጠፋችሁ?» ማለት አይችልም። ሥራው የሱ መሆኑ ግን አይቀርም። ሙሽሮቹ ስሙን ሳያጠፉ ቢለጥፉት ደግ ነው፤ ስም የሌለበት ቅጂ ከፈለጉም ቀድመው ይጠይቁት። አብዛኛው አንሺ በደስታ ይሰጣል።

ፎቶው ውስጥ ያለውም ሰው አይረሳ። ከጭላዳው ጀርባ ባና የለበሰ እረኛ ቆሞ ቢሆንስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ለታወቀ ሰውና በአደባባይ ለተደረገ ሥነ ሥርዓት የተለየ ነገር አለ። እረኛው ግን ማስታወቂያ ላይ ሊወጣ ሳይሆን ከብቱን ሊጠብቅ ነው የወጣው። የአንሺው ፈቃድ የእረኛውን አይተካም።

ወደ ሎጎ እንለፍ። እዚህ የሚገዛው ሌላ አዋጅ ነው፤ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 501/1998። የተመዘገበ ምልክት ለ7 ዓመት ይጠበቃል፣ ከዚያ ይታደሳል። ማተሚያ ቤት የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ «ትንሽ ቀይርልኝ፣ አንድ ፊደል ብቻ» ይላል። አንድ ፊደል፣ አንድ ቀለም መቀየር ያድናል የሚል ወሬ አለ። አያድንም። ጥያቄው ስንት ፊደል ተቀየረ አይደለም። ገበያ ላይ የቆመ ተራ ገዢ አንዱን ከሌላው ያምታታል ወይ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ በችኮላ የሚገዛ ሰው ማሸጊያውን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ አያወዳድርም፤ በልቡ በቀረው መልክ ነው የሚያነሳው። ሎጎውን እያወቀ የሠራው ባለሙያም «እኔ ታዝዤ ነው» ብሎ ነጻ አይወጣም።

ጽሑፍ መቀየር ከሁሉም የከበደ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የባንክ ደረሰኝ ስክሪንሾት ላይ ቁጥር መቀየር፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላይ ቀን ማስተካከል የቅጅ መብት ጉዳይ አይደለም። ማጭበርበር ነው። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሐሰተኛ የኮምፒውተር ዳታ ሠርቶ የሌላውን መብት መጉዳት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ይዞ የሚመጣ ደንበኛን ያለ ማቅማማት መመለስ ነው።

ወደ ጭላዳው ልጅ እንመለስ። ፍላየሩን አየ። ምን ያድርግ? መጀመሪያ አይሳደብ፣ ኮሜንት ላይም አይጻፍ። ከፍላየሩ የታተመውን አንድ ቅጂ ይያዝ። ኢንተርኔት ላይ ያለውንም ቀኑና የገጹ ስም እየታየ ስክሪንሾት ያንሳ። ተነቅሎ ሊጠፋ ስለሚችል ይሄ ይቀድማል። ከዚያ የራሱን ማስረጃ ያውጣ። ካሜራው ያወጣው ዋና ፋይል፣ ከሱ በፊትና በኋላ የተነሱት ፎቶዎች፣ ሙሉው ሳይቆረጥ። ሌባው ያለው የተቆረጠው ነው፤ ከጠርዙ ውጪ ያለውን ሣር ሊያመጣ አይችልም። የተሸፈነውን ቦታም አስፍቶ ያሳይ። ሣር ተቀድቶ ሲለጠፍ አንድ ዓይነት ጭብጥ ሣር ሁለት ሦስት ቦታ ይደጋገማል። ጓሳ ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ጭብጥ የለም።

ቀጥሎ ደብዳቤ ይጻፍ። ፎቶው የሱ መሆኑን፣ ምን እንደተቀየረ፣ ምን እንደሚፈልግ በሦስት መስመር። ስርጭቱ ይቁም፣ የተጠቀሙበት ይከፈል፣ ስሙና «መንዝ ጓሳ» ይመለስ። አብዛኛው እዚህ ያልቃል፤ አስጎብኚው ራሱ ፎቶው ባለቤት እንዳለው አያውቅም ነበር ይሆናል። ካላለቀ ፍርድ ቤት አለ። እግድ ሊጠይቅ ይችላል፣ ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። የ1996ቱ አዋጅ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ብሎ ደንግጓል። ሆን ብሎ የጣሰ በወንጀልም ይጠየቃል። ፎቶውን ቀድሞ አዲስ አበባ ባለው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን አስመዝግቦ ከሆነ ማስረዳቱ ይቀለዋል።

ገጹ የአሜሪካ ኩባንያ መድረክ ላይ ከሆነ ሌላም መንገድ አለ። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ጥሰትን ለመደበቅ ወይም ለማመቻቸት ተብሎ የባለቤትን ስም ከሥራው ላይ ማጥፋትን ለብቻው ይከለክላል። ለእያንዳንዱ ጥፋትም ከ2,500 እስከ 25,000 ዶላር ያስከፍላል። አሜሪካ ድረስ ሄዶ መክሰስ ለደብረ ብርሃን ልጅ አይታሰብም። በዚያው ሕግ ግን መድረኮቹ የባለቤት አቤቱታ ሲደርሳቸው ምስሉን ያነሳሉ። ቅጹ በስልክ ይሞላል።

ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ሁለት ነገር ይቀይር። ስሙን ጠርዝ ላይ ሣሩ ውስጥ ሳይሆን ደብዘዝ አድርጎ ጋማው ላይ ያሳልፈው። ጠርዝ ይቆረጣል፣ ሣር ይቀዳል፤ የጋማን ፀጉር መልሶ መሳል ግን ከባድ ነው። ሁለተኛ፣ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሲላክ መጠኑ ያንሳል፣ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የአንሺው ስምና ቀንም ይጠፋል። ለደንበኛ ሲልክ እንደ ፋይል ይላክ። አደባባይ ላይ የሚለቀውን ደግሞ አሳንሶ ይልቀቅ፤ ለስልክ የሚበቃ፣ ለባነር የማይበቃ።