እቁብ ምንድን ነው? መዋጮውስ በመዝገብ እንዴት ይያዛል?

እቁብ የሚተዋወቁ ሰዎች በተቆረጠ ቀን እኩል ገንዘብ እየጣሉ፣ የተሰበሰበውን በሙሉ በዕጣ ለአንድ አባል የሚሰጡበት፣ ለሁሉም እስኪደርስም የሚቀጥል የቁጠባ ማኅበር ነው። ወለድ ስለሌለው እያንዳንዱ በመጨረሻ የሚያገኘው የጣለውን ያህል ነው። ሆኖም እቁቡ እስኪያልቅ ድረስ ዕጣ የወጣለት ተበዳሪ፣ ያልወጣለት ደግሞ አበዳሪ ነውና መዝገቡ ሊያሳይ የሚገባው ይህንን ነው።

በደብረ ማርቆስ ገበያ እህልና በርበሬ የሚነግዱ 12 ሴቶች በየቅዳሜው 1,000 ብር ይጥላሉ እንበል። ዕጣ የወጣላት ሴት የራሷን መዋጮ ጨምሮ 12,000 ብር ትወስዳለች። በሦስተኛው ሳምንት የወሰደችው እስከዚያ ቀን የጣለችው 3,000 ብር ብቻ ስለሆነ 9,000 ብር ዕዳ ይቀርባታል። ገንዘቡን ከመቀበሏ በፊት የምታቀርበው ዋስ መፈረም ያለበትም ለዚሁ 9,000 ብር ነው። «ዋስ ነኝ» ብሎ ብቻ መፈረም፣ የገንዘቡ ልክ ስላልተጻፈ፣ ኋላ ጠብ ያመጣል።

መዝገቡን የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ስርቆት ሳይሆን ይሉኝታ ነው። በአምስተኛው ሳምንት፣ ቀደም ብሎ ዕጣ የወጣላት አንዲት አባል 600 ብር ብቻ ይዛ መጥታ «ቀሪውን ሰኞ አመጣለሁ» ብትል፣ ጸሐፊው ላለማስቀየም 1,000 ብር ብሎ ይጽፍላታል። የዚያን ቀን ባለዕጣ ደግሞ 11,600 ብር ተቀብላ ለ12,000 ብር ትፈርማለች። ሰኞ ሲያልፍ 400 ብሩ ከማን እንደሚፈለግ የሚያሳይ ጽሑፍ የለም።

በትክክል ቢጻፍ ኖሮ ያጎደለችው ቀሪ ዕዳ 7,400፣ የባለዕጣዋ 6,600፣ የሌሎቹ ሦስት ተቀባዮች ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 7,000 ብር ይሆን ነበር። ይህ ተደምሮ 35,000 ብር ነው፤ ዕጣ ያልወጣላቸው 7 ሴቶች እያንዳንዳቸው 5,000 ብር ስለጣሉ የእነርሱም ድምር ያው 35,000 ብር ነው። ሁለቱ ድምሮች ካልተመጣጠኑ መዝገቡ ስህተት አለበት። ነገር ግን ጉድለቱ ቢደበቅም ድምሩ እኩል ሆኖ ስለሚወጣ፣ ድምር ብቻውን አያጋልጠውም። የሚያጋልጠው እያንዳንዷ በእጇ የገባውን ወይም የሰጠችውን ልክ ብር አይታ ስትፈርም ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው ባጎደለችው አባል ስም ትይዩ ቀኑንና የተቀበለውን 600 ብር ይጽፋል፤ ባለዕጣዋም ለ11,600 ብር ትፈርማለች። 400 ብሩ ሲመጣ ለባለዕጣዋ ተሰጥቶ፣ የፊተኛው ጽሑፍ ሳይፋቅ፣ በአዲስ መስመር ከነቀኑ ይመዘገባል። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ብቻ ተሰርዞ፣ የእቁቡ ዳኛና ባለጉዳይዋ አጠገቡ ይፈርማሉ። ማንበብ የማትችል አባል ካለች፣ ጸሐፊው ያልሆነ ሰው ካነበበላት በኋላ አሻራዋን ታኖራለች። አንድ ዕጣ ለሁለት የሚጥሉ ካሉም የሁለቱም ስም በየራሱ መስመር፣ ለእያንዳንዳቸው 500 ብር ተብሎ ይሰፍራል፤ አንዷ ስታቋርጥ የሌላዋ ድርሻ የሚለየው በዚህ ነው።