«ዋጋው ተመለሰ እኮ!» ሌቨሬጅ፣ ማርጂንና ሊኩዊዴሽን ምንድን ናቸው?

ሰሞኑን አንድ ወርቅ በሌቨሬጅ የሚነግድ ሰው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የጻፋትን አስተያየት እንደገና አነበብኳት። «ወርቅ ይወጣል ብዬ ነበር፤ ወጣም። ግን ከመውጣቱ በፊት ብሮከሩ ሊኩዊዴት አድርጎ ገንዘቤን በላኝ።» ከሥሯ ያለው የአጽናኝ ብዛት! አንዱ ደግሞ «ሌቨሬጁን 1:500 ስላደረግከው ነው፤ ወደ 1:100 አውርደው» ብሎ መክሮታል። አማካሪውም ተመካሪውም ተሳስተዋል። ያውም ስህተታቸው ከአንድ ሥር የበቀለ ነው።

እኔ ጥቂት ዓመታት በአንድ ብሮከር፣ ማለትም ደንበኞቹን በብድር በሚያገበያይ ድርጅት፣ የማርጂን ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ማስያዣቸው እያለቀ የመጣ ደንበኞችን ሒሳብ መከታተል ነበር። በስልክ የሚደርሰኝ ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፦ «ዋጋው እኮ ተመለሰ!»

ሌቨሬጅ በሰው ገንዘብ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር መያዝ ነው። ማርጂን ደግሞ ለዚያ የምታስይዘው የራስህ ገንዘብ ነው። ክፍያ አይደለም፤ መያዣ ነው። ይህን የምታውቀው ስለሚመስለኝ አልፈዋለሁ።

አዲስ አበባ የኖረ ሰው 20/80ን ያውቃል። ኮንዶሚኒየሙ 1 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። 200 ሺውን አንተ ከፈልክ፤ 800 ሺውን ባንክ ሸፈነልህ። ይህ ማንም በዚህ ስም ባይጠራውም አምስት እጥፍ ሌቨሬጅ ነው። የቤቱ ዋጋ 10 በመቶ ወጥቶ 1.1 ሚሊዮን ቢገባ፣ ያንተ 200 ሺህ 300 ሺህ ይሆናል። የባንኩ ዕዳ ግን ንቅንቅ አይልም፤ ያው 800 ሺህ ነው። ቤቱ በ10 በመቶ ወጣ፣ አንተ 50 በመቶ አተረፍክ። ዋጋው 10 በመቶ ቢወርድም እንደዚያው ነው፤ 200 ሺህህ 100 ሺህ ብቻ ይቀራል። ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። አበዳሪው ከትርፍህ አይካፈልም፤ ከኪሳራህም አይካፈልም። ወለዱን ብቻ ይወስዳል። የዋጋው ለውጥ በሙሉ የሚያርፈው በአንተ በቀጭኗ ድርሻ ላይ ነው።

(የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ያገኘው ከገበያ ዋጋ በታች ስለሆነ እንዲህ አይከስርም የምትሉኝ አትጠፉም። ልክ ናችሁ። ምሳሌ ነው፤ ታገሱኝ።)

አሁን ምሳሌውን ትንሽ ልለጥጠው። የቤት አበዳሪ ባንክ «ዛሬ ቤትህ ስንት ያወጣል?» እያለ በየቀኑ አይጠይቅም። ወርሃዊ ክፍያህን እስከከፈልክ ድረስ የገበያው መውረድ ብቻውን ከቤትህ አያስወጣህም። ባትከፍል እንኳ ማስጠንቀቂያ አለ፣ ሐራጅ አለ፣ ወራት አሉ። የብሮከሩ ነገር ሌላ ነው። የባንኩ ሰው ከነደላላው በርህ ላይ ቆሞ፣ የቤትህን ዋጋ በየሰከንዱ እየጠራ ነው እንበል። እጁ ላይ ደግሞ አንተ በመጀመሪያው ቀን የፈረምከው የመሸጫ ውክልና አለ። ወረቀቱ «የባለቤቱ ድርሻ ወደ 40 ሺህ ብር ሲወርድ ሽጥ» ይላል። ቤቱ 840 ሺህ የገባ ዕለት ሰውየው አያንኳኳም፤ ይሸጠዋል። 800 ሺውን ወስዶ የተረፈውን 40 ሺህ ይሰጥሃል። እሱም ገዢው 840 ከከፈለ ነው። ጎረቤቶችህ ሁሉ ተመሳሳይ ውክልና ፈርመው በዚያው ሰዓት የእነሱም ቤት እየተሸጠ ከሆነ፣ ገዢው 820 ብሎ ድርቅ ሊል ይችላል።

ሊኩዊዴሽን ይህ ነው። ቅጣት አይደለም። «ትንበያህ ተሳስቷል» የሚል ፍርድም አይደለም። አበዳሪው የራሱ 800 ሺህ ሳይነካ ከጨዋታው መውጣቱ ነው። ለዚህም ነው ገንዘብህ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ፣ ትንሽ ሲቀረው የሚሸጠው። ያቺ የምትቀረው ገንዘብ የእሱ መከላከያ ናት።

በሚቀጥለው ወር ቤቱ 1.2 ሚሊዮን ገባ እንበል። አዎ፣ «ይወጣል» ብለህ ነበር፤ ወጣም። ግን አሁን የማን ቤት ነው? ወንድሜ፣ በራስህ ገንዘብ ብቻ ስትገዛ የምትመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ዋጋው በመጨረሻ ወዴት ይሄዳል? በብድር ስትገዛ ሁለተኛ ጥያቄ ይጨመራል፦ እዚያ እስኪደርስ መንገድ ላይ እስከ ስንት ይወርዳል? አንደኛውን መልሰህ ሁለተኛውን ከሳትክ ወድቀሃል። ዋጋው መመለሱ የአንደኛውን መልስ ብቻ ነው የሚያረጋግጠው።

ወደ መካሪው ልመለስ። 1:500 እና 1:100 የሚባሉት ቁጥሮች ጣሪያ ናቸው፤ በራስህ 1 ዶላር እስከ ስንት ዶላር መያዝ እንደምትችል ነው የሚናገሩት። ስንት እንደያዝክ የሚናገረው ሎቱ፣ ማለትም የገዛኸው መጠን ነው። ለስሌት እንዲመቸን ወርቅ በአውንስ 2,000 ዶላር ነው እንበል። ሒሳብህ ላይ 1,000 ዶላር አለህ። 0.10 ሎት ገዛህ፤ ይህም 10 አውንስ ነው፤ 20,000 ዶላር። በተግባር የያዝከው ሌቨሬጅ ሃያ እጥፍ ነው፣ ሒሳብህ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን። ወርቅ 1 ዶላር በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንተ 10 ዶላር ታገኛለህ ወይም ታጣለህ።

በ1:100 ሒሳብ የሚያዝብህ ማርጂን 200 ዶላር ነው። ብሮከሩ የቀረህ ገንዘብ የማርጂኑ 50 በመቶ ሲደርስ የሚዘጋ ከሆነ (ስክሪኑ ላይ Margin Level የሚለው 50% ሲሆን ማለት ነው)፣ የምትዘጋው 100 ዶላር ሲቀርህ ነው። 900 ዶላር ከሰርክ፤ ወርቅ 1,910 ገባ። በ1:500 ሒሳብ ግን ለዚያው ንግድ የሚያዝብህ 40 ዶላር ብቻ ነው። የምትዘጋው 20 ዶላር ሲቀርህ፣ ወርቅ 1,902 ሲገባ ነው። አየኸው? ሎቱ ካልተቀየረ 1:500 ያለው ሰው የሚዘጋው ዘግይቶ ነው። ምክሩ የተገላቢጦሽ ነበር።

ታዲያ 1:500 ምኑ ያስፈራል? በር ይከፍታል። በዚያው 1,000 ዶላር አንድ ሙሉ ሎት፣ 200,000 ዶላር የሚያወጣ ወርቅ ልትገዛ ትችላለህ። በ1:100 ይህን ብትሞክር 2,000 ዶላር ማርጂን ስለሚጠየቅ ትዕዛዝህ አያልፍም። በ1:500 በ400 ዶላር ማርጂን ያልፋል። ወርቅ 8 ዶላር ቢወጣ 800 ዶላር አገኘህ፤ እሱ ነው በስክሪንሾት የሚለጠፈው። 8 ዶላር ቢወርድ ግን 200 ዶላር ይቀርሃል፣ ያኔም ትዘጋለህ። 8 ዶላር ማለት 0.4 በመቶ ነው። ወርቅ ይህን ያህል ለመውረድ ሙሉ ቀን አይፈልግም፤ አንድ የአሜሪካ የሥራ ቅጥር ሪፖርት ይበቃዋል።

«ቻርቱ ላይ ያ ዋጋ የለም፤ አጭበርብረውኛል» የሚል ክርክርም ስልክ ላይ ብዙ ሰምቻለሁ። የሚያጭበረብር ብሮከር የለም አልልም። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር አጣራ። ብዙ ጊዜ ቻርቱ የሚያሳይህ የመሸጫህን ዋጋ፣ Bid የሚባለውን ብቻ ነው። ይወርዳል ብለህ ሸጠህ ከሆነ ግን የምትዘጋው በመግዣህ ዋጋ፣ በ Ask ነው። በኒውዮርክ ሰዓት አቆጣጠር 5 PM ላይ ገበያው ሲቀዘቅዝ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። ቻርቱ ላይ ምንም ሳይታይ ሒሳብህ ይዘጋል።

ሌላው የማያልቅ ቅሬታ «ሳይደውሉልኝ» የሚለው ነው። ማስያዣ እያለቀ ሲመጣ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ማርጂን ኮል፣ «የማርጂን ጥሪ» መባሉ ነው ያሳሳታቸው። አሜሪካ ውስጥ አክሲዮን በማርጂን የምትገዙም ልብ በሉት፤ ብሮከሩ የመደወል ግዴታ የለበትም። ሳያሳውቅህ ሊሸጥ ይችላል። ከአክሲዮኖችህ የትኛውን እንደሚሸጥም የሚመርጠው እሱ ነው። እዚያ ግን መንገዱ ሰፊ ነው። ደንቡ አብዛኛውን ጊዜ ከአክሲዮኑ ዋጋ ግማሹን በራስህ እንድትከፍል ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ድርሻህ ቢያንስ 25 በመቶ መሆን አለበት። 10,000 ዶላር አክሲዮን በ5,000 የራስህና በ5,000 ብድር ከገዛህ፣ ይህ ወለል የሚነካው አክሲዮኑ ወደ 6,667 ዶላር ገደማ ሲወርድ ነው። በአንድ ሦስተኛ ወረደ ማለት ነው። ብሮከሮች ግን ብዙዎቹ ከ25 በመቶ በላይ ይጠይቃሉ፤ ሲፈልጉም በአንድ ሌሊት ከፍ ያደርጉታል።

እስካሁን የባንኩ ሰው ለቤቱ ገዢ ያገኛል ብለን ነበር። ባያገኝስ?

የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ከመስከረም 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዩሮ ከ1.20 የስዊስ ፍራንክ በታች እንዲወርድ አልፈቀደም ነበር። ብዙ ነጋዴ ይህን እንደ ግድግዳ ተደግፎ ዩሮ ገዛ፤ በትልቅ ሌቨሬጅ። ጥር 15 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጠዋት ባንኩ ግድግዳውን በድንገት አነሳው። ዩሮ በደቂቃዎች ውስጥ ከ1 ፍራንክ በታች ወረደ። ከ1.19 ወደ 1.18 እያለ በደረጃ አልወረደም፤ መሃል ላይ ገዢ አልነበረም። የሊኩዊዴሽን ትዕዛዝ ደግሞ ገዢ ካላገኘ ወረቀት ነው።

1,000 ዩሮ ይዞ 20,000 ዩሮ በ1.20 የገዛ ሰው እናስብ። በስሌቱ 5 በመቶ ሳይወርድ መዘጋት ነበረበት። የመጀመሪያው ገዢ የተገኘው በ1.00 ከሆነ ግን ዋጋው 16.7 በመቶ ወርዷል፤ ኪሳራው 4,000 ፍራንክ ነው፣ በአዲሱ ዋጋ 4,000 ዩሮ። ሒሳቡ ዜሮ አልሆነም። ከዜሮ በታች 3,000 ገባ። ስቶፕ ሎስ፣ ማለትም «ዋጋው እዚህ ሲደርስ ሽጥልኝ» የሚል ትዕዛዝ የነበረውም አልዳነም፤ እሱም ገዢ ይፈልጋላ! ኤፍኤክስሲኤም የተባለው ብሮከር በዚያች ቀን ደንበኞቹ ካላቸው በላይ ከስረው ወደ 225 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ እንዳለባቸው አስታወቀ። እሱ ራሱ ከመውደቅ የዳነው 300 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ ነው። የአልፓሪ የእንግሊዝ ቅርንጫፍ ግን ከሰረ።

«ብከስር ያስገባሁትን ብቻ ነው» የሚለው አባባል ስለዚህ የሒሳብ ሕግ አይደለም። የአገር ሕግ ነው፣ ወይም የብሮከሩ ውል። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 እ.ኤ.አ. ለተራ ደንበኞች ሌቨሬጅን በዋና ዋና ገንዘቦች 30 እጥፍ ላይ ገደበ፤ የ50 በመቶውን መዝጊያ አስገዳጅ አደረገ፤ ሒሳብ ከዜሮ በታች እንዳይወርድም ብሮከሩን ተጠያቂ አደረገ። አንድ ብሮከር ግን አንዱን ኩባንያ ቆጵሮስ፣ ሌላውን ሩቅ ደሴት ላይ አስመዝግቦ በአንድ ድረ ገጽ ሊሠራ ይችላል። 1:500 ያቀረበልህ በአብዛኛው የደሴቱ ነው። የተዋዋልከው ከየትኛው ጋር እንደሆነ ሒሳቡን ስትከፍት «አንብቤ ተስማምቻለሁ» ብለህ ባለፍከው ሰነድ ላይ ተጽፏል፤ ዕዳ ውስጥ ብትገባ ማን እንደሚከፍልም እዚያው አለ።