«ኢ» ሁልጊዜ «አይደለም» ማለት ነው?

ምንባቡ እንዲህ ይላል እንበል፦ «የውሃ ክፍፍሉ ኢፍትሐዊ ነበር። የላይኞቹ ገበሬዎች ቀኑን ሙሉ ሲያጠጡ፣ ለታችኞቹ የሚደርሳቸው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው።»

«ኢፍትሐዊ» አዲስ ከሆነባችሁ ቃሉን ፈታ አድርጉት። መጨረሻ ላይ ያለው «-ዊ» ቃሉን ቅጽል ያደርገዋል። መሃሉ ላይ የምታውቁት «ፍትሕ» አለ። ከግዕዝ የመጣው «ኢ-» ደግሞ ያፈርሰዋል። ስለዚህ «ፍትሕ የጎደለው» ማለት ነው። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገርም ይህንኑ ያረጋግጣል።

ብዙ ተማሪ የሚሸወደው ግን «ኢኮኖሚያዊ» ላይ ነው። እዚህም «ኢ» እና «-ዊ» አሉ። «ኢ»ን ስታነሱ ግን የሚቀረው «ኮኖሚያዊ» ነው፤ እንዲህ የሚባል ቃል የለም። የቀረው ትርጉም ካልሰጠ «ኢ» ምዕላድ ሳይሆን የቃሉ የራሱ ፊደል ነው። ያኔ ምዕላዱን ትታችሁ ዙሪያውን አንብቡ።