የደም ስሚር ምንድን ነው? በ«ኖርማል» አማካይ ሥር የተደበቁ ሁለት ዓይነት ቀይ የደም ሕዋሳት

የደም ስሚር ማለት አንድ ጠብታ ደም በመስታወት ስላይድ ላይ በስሱ ተዘርግቶ፣ ደርቆና ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ምርመራ ነው። «ፔሪፌራል ስሚር» ተብሎም የሚጠራው ደሙ የሚወሰደው ሕዋሳቱ ከሚመረቱበት ከአጥንት መቅኔ ሳይሆን በሰውነት ውስጥ ከሚዘዋወረው ደም ስለሆነ ነው። ሕዋሳቱን በፍጥነት ቆጥሮ ሲቢሲ የሚባለውን ውጤት የሚያትም መሣሪያ እያለ ሰው አሁንም በዓይኑ የሚያይበት ምክንያት ምንድን ነው ለሚል ጥያቄ የተለያዩ መልሶች አሉ። እዚህ የማብራራው አንዱን ብቻ ነው፤ መሣሪያው ስለ ሕዋስ መጠን የሚያወጣው ዋናው ቁጥር አማካይ መሆኑን፣ አማካይ ደግሞ አንዳንዴ በደሙ ውስጥ ጭራሽ የሌለ ሕዋስን የሚገልጽ መሆኑን።

ቁጥሩ ኤምሲቪ ይባላል። የአንድ ቀይ የደም ሕዋስ አማካይ ይዘት ሲሆን፣ በአዋቂ ሰው ከ80 እስከ 100 ፌምቶሊትር ያለው እንደ ጤናማ ይወሰዳል። ከዚያ በታች ከሆነ ሐኪም በመጀመሪያ የብረት እጥረትን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ የቫይታሚን ቢ12 ወይም የፎሌት እጥረትን ያስባል። በመሃል ሲሆን ግን ሁለቱንም ወደ ጎን የመተው ዝንባሌ አለ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት የ58 ዓመት ሴት ለወራት ድካም እየተሰማቸው፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ እያጠራቸው መጡ እንበል። ሄሞግሎቢናቸው በዴሲሊትር 8.4 ግራም ነው፤ ግልጽ የደም ማነስ ነው። ኤምሲቪያቸው ግን 89 ነው፤ ከጤናማው ክልል መሃል ላይ። ውጤቱን በችኮላ ያየ ሰው የሕዋሳቱ መጠን ደህና ስለሆነ የደም ማነሱ የመጣው ምናልባት ከኩላሊት ወይም ከቆየ ሕመም ነው ብሎ ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። በእርግጥ በዚያው ወረቀት ላይ አንድ ጠቋሚ አለ። የሕዋሳቱ መጠን ምን ያህል እንደሚለያይ የሚያሳየው አርዲደብልዩ የተባለው ቁጥር ወደ 14 ከመቶ አካባቢ መሆን ሲገባው 26 ከመቶ ሆኗል። ቁጥሩ መለያየት እንዳለ ይናገራል እንጂ የሚለያዩት ሕዋሳት ምን እንደሚመስሉ አይናገርም። ስላይዱ የሚሠራው ለዚህ ነው።

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም የምርመራው ግማሽ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ከስላይዱ አንድ ጫፍ አጠገብ ትንሽ ጠብታ ይቀመጣል፤ ሌላ ስላይድ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ጠብታውን ከነካና ደሙ በጠርዙ ላይ ከተሰራጨ በኋላ፣ ሳያቋርጥ በአንድ ጊዜ ወደ ፊት ይገፋል። በዚህ መንገድ የተዘረጋው ደም በመነሻው ወፍራም ሆኖ እየሳሳ ሄዶ እንደ ላባ ጫፍ በቀጠነ ጭራ ያልቃል። ወዲያው በአየር ይደርቃል፣ በሜታኖል ይጸናል፣ ከዚያም በራይት ወይም በጊምሳ ማቅለሚያ ይቀለማል። ሜታኖሉ ውስጥ ውኃ ከገባ ወይም ደሙ ቀስ ብሎ ከደረቀ፣ በሕዋሱ መሃል የሚያብረቀርቅና ጠርዙ ስለታም የሆነ ክብ ይፈጠራል፤ ልምድ የሌለው ሰው ይህን የበሽታ ምልክት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ባለበት ቱቦ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ከቆየም ሕዋሳቱ ዙሪያቸውን እሾህ ያወጣሉ። ለማጣራት ከሚረዱ መንገዶች አንዱ እሾሁ በሁሉም ሕዋስ ላይ ማለት ይቻላል መኖሩን ማየት ነው፤ በበሽታ የመጣ የቅርጽ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ከፊሉን ነክቶ ከፊሉን ይተዋል።

የሚታይበት ቦታም መመረጥ አለበት። በወፍራሙ በኩል ሕዋሳቱ ተደራርበው ቅርጻቸው አይለይም። በጭራው ጫፍ ደግሞ ተለጥጠው መሃላቸው የነበረው ነጣ ያለ ቦታ ስለሚጠፋ፣ ጤናማው ሕዋስ እንኳ ድቡልቡል የሆነ ይመስላል። ትክክለኛው ቦታ ከጭራው ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ሕዋሳቱ ጎን ለጎን ሆነው ሳይደራረቡ የሚነካኩበት ነው። እዚያ በዘይት ሌንስ አንድ ሺህ ጊዜ ጎልቶ ሲታይ፣ ጤናማ ቀይ የደም ሕዋስ ክብ ሆኖ ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ነው፤ መሃሉ ጎድጎድ ያለ በመሆኑ ከስፋቱ አንድ ሦስተኛ የሚያህለው ነጣ ብሎ ይታያል። ማይክሮስኮፑ ማስመሪያ ስለሌለው የመጠን መለኪያው እዚያው ስላይዱ ላይ ያለ ጎረቤት ነው። ሊምፎሳይት የሚባለው ነጭ ሕዋስ ትንሽ ዓይነቱ ኒውክለሱ በመጠን ከጤናማ ቀይ ሕዋስ ጋር ይቀራረባል፤ ቀዩ ከዚያ በግልጽ ካነሰ ትንሽ፣ ከበለጠ ትልቅ ይባላል።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ስላይድ እንመለስ። በመጀመሪያው እይታ ዓይን የሚይዘው ሕዋሳቱ የአንድ ሰው አለመምሰላቸው ነው። ከሊምፎሳይቱ ኒውክለስ ጎን ትንንሽ ሕዋሳት ተበትነዋል፤ ቀለማቸው ዳር ዳሩን ብቻ እንደ ቀጭን ቀለበት ቀርቶ መሃላቸው ባዶ ይመስላል፤ በመካከላቸውም ረዝመውና ቀጥነው እርሳስ የመሰሉ አሉ። እነዚህን አልፎ በዚያው መስክ ውስጥ ደግሞ ትልልቅ፣ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆኑ፣ ቀለም የሞላቸውና መሃላቸው እምብዛም የማይነጣ ሕዋሳት ይታያሉ። አንዱ ወገን በአማካይ 68፣ ሌላው 110 ፌምቶሊትር ቢሆንና በቁጥር እኩል ቢሆኑ አማካዩ 89 ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ያለው 89 የተሳሳተ አይደለም፤ ነገር ግን በስላይዱ ላይ 89 የሚሆነውን ሕዋስ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለቱ ወገኖች የተለያዩበት ምክንያት ከአመራረታቸው ይነሳል። በመቅኔ ውስጥ ያለ የቀይ ሕዋስ እናት እየተከፈለች ስትሄድ ሄሞግሎቢን ታጠራቅማለች፤ በቂ ሲሞላ መከፈሏን ታቆማለች። ብረት ሲያንስ ሄሞግሎቢኑ ቀስ ብሎ ስለሚሞላ ተጨማሪ ክፍፍል ይካሄዳል፤ በመጨረሻም ትንሽና የገረጣ ሕዋስ ይወጣል። በቢ12 ወይም በፎሌት እጥረት ጊዜ የሚጓደለው ግን የዲኤንኤ መሠራት ነው። ሄሞግሎቢኑ በጊዜው ይሞላል፣ አካሉ ያድጋል፣ ኒውክለሱ ግን ለመከፈል ሳይዘጋጅ ይዘገያል፤ ስለዚህ ክፍፍሉ ያንስና ሕዋሱ ትልቅ ሆኖ ይወጣል። ሞላላነቱ እዚህ ላይ ትርጉም አለው። በጉበት በሽታ ወይም በአልኮል ምክንያት የሚያድጉ ሕዋሳት በብዛት ክብ ናቸው፤ ትልቅም ሞላላም ሲሆኑ ግን ጥርጣሬው ወደ ቢ12 እና ወደ ፎሌት ይጠጋል።

የሚገርመው፣ ስለ ቀይ ሕዋስ የተነሳውን ይህን ጥርጣሬ የሚያጠናክረው ምስክር ነጭ ሕዋስ መሆኑ ነው። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሕዋስ ኒውክለሱ በቀጭን ክር በተያያዙ አንጓዎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት አንጓ አለው። የዲኤንኤ መሠራት ሲጓደል አንጓዎቹ ይበዛሉ። አንድ መቶ ኒውትሮፊሎች ተቆጥረው ከአምስት በላይ የሚሆኑት አምስት አንጓ ካላቸው፣ ወይም አንድ እንኳ ስድስትና ከዚያ በላይ አንጓ ያለው ከተገኘ፣ እንደ ምልክት ይያዛል። በሴትዮዋ ስላይድ ላይ ስድስት አንጓ ያለው አንድና አምስት አንጓ ያላቸው ዘጠኝ ተገኙ እንበል። ይህ ምልክት ከአማካይ ቁጥር ጋር ግንኙነት ስለሌለው የብረት እጥረቱ ሊሸፍነው አይችልም፤ እኔ ከስላይዱ ሁሉ በይበልጥ የምተማመነው በዚህ ነው። አንጓዎቹን ሲቆጥሩ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሁለት አንጓዎች ተለያዩ የሚባለው በመካከላቸው ክር ብቻ ሲቀር እንጂ ትንሽ ጎበጥ ባለ ቁጥር አይደለም።

ሁለት ዓይነት ሕዋስ ማየት ብቻውን ግን ሁለት እጥረት አለ ማለት አይደለም። የብረት እጥረት ያለበት ሰው ከሳምንት በፊት ደም ተሰጥቶት ከሆነ፣ ትንንሾቹ የራሱ፣ ጤናማ መጠን ያላቸው ደግሞ የለጋሹ ናቸው። ብረት መውሰድ ከጀመረም አሮጌዎቹ ትንንሽ ሕዋሳት ከአዲሶቹ ጋር ለጊዜው አብረው ይዘዋወራሉ። በሁለቱም ሁኔታ ሁለተኛው ወገን በጥቅሉ ክብ ነው፤ ሞላላ ትልልቅ ሕዋሳትና ባለብዙ አንጓ ኒውትሮፊል አይጠበቁም። ስለዚህ ስላይዱን የሚያነበው ባለሙያ «ደም ተሰጥቷቸው ያውቃል ወይ? የሚወስዱት መድኃኒትስ አለ ወይ?» ብሎ ካልጠየቀ፣ ያየው ትክክል ሆኖ ትርጓሜው ሊሳሳት ይችላል።

ስሚሩ እጥረቱን አይለካም፣ መንስኤውንም አይነግርም። ቢ12 ይሁን ፎሌት በቅርጽ አይለይም። ስለዚህ የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን፣ ቢ12 እና ፎሌት ይለካሉ፤ በምሳሌያችን ፌሪቲንና ቢ12 ዝቅ ብለው ፎሌት ደህና ሆነ እንበል። አሁን ጥያቄው ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ለምን ተገናኙ የሚል ይሆናል። አመጋገብም ሆነ የአንጀት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ መታሰብ ያለበት አንዱ ግን ሰውነት የራሱን የጨጓራ ሕዋሳት የሚያጠቃበት ሕመም ነው። እነዚያ ሕዋሳት ሁለት ነገር ያመርታሉ። አንዱ ከምግብ የሚገኘው ብረት ለመመጠጥ የሚያስፈልገው አሲድ ነው፤ ሁለተኛው ቢ12ን ይዞ በትንሹ አንጀት መጨረሻ እንዲመጠጥ የሚያደርገው ኢንትሪንሲክ ፋክተር ነው። ሰውነት የቢ12 ክምችቱ ለዓመታት ስለሚበቃው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚታየው የብረቱ እጥረት ነው።

ስላይዱ ሳይታይ ፌሪቲን ብቻ ተለክቶ ብረት ቢሰጣቸው ኖሮ፣ ትንንሾቹ ሕዋሳት እየጠፉ ኤምሲቪው ከ89 ወደ 105 እና ከዚያ በላይ ሊወጣ ይችል ነበር፤ ሁለተኛው እጥረትም የሚገለጠው ያኔ ነው። በዚህ መሃል ባለፉት ወራት ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ እግር ላይ የሚጀምር መደንዘዝና ሚዛን ማጣት ከምልክቶቹ ናቸው። ፎሊክ አሲድ ብቻውን መስጠት ደግሞ የባሰ ወጥመድ ነው፤ የደሙን መልክ ሊያስተካክል ይችላል፣ የነርቩን ጉዳት ግን አያቆምም።

ቢ12 በመርፌ፣ ብረትም አብሮ ከተሰጠ በኋላ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ሌላ ስላይድ ቢሠራ፣ አሮጌዎቹ ሁለት ወገኖች አሁንም እዚያው ይገኛሉ፤ ቀይ ሕዋስ በጤናማ ሰው እስከ 120 ቀን ስለሚዘዋወር በአንድ ሳምንት አይጠፉም። ባለብዙ አንጓ ኒውትሮፊሎችም እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆዩ ይችላሉ። አዲሱ ነገር በመካከላቸው የሚታዩት፣ ከመቅኔ ገና የወጡ ግራጫ ሰማያዊ ቀለም ያላቸው ለጋ ቀይ ሕዋሳት ናቸው።