ቼክ ሲቀርብ ምን ይታያል? ቀን፣ ገንዘብና ፊርማ በኢትዮጵያ ባንኮች

ቼክ ማመሳከር ማለት ባንኩ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን አንድ በአንድ ማየት ማለት ነው። ቼኩ የዛሬ ነው ወይስ ጊዜው አልፎበታል? በፊደል የተጻፈው ገንዘብ በአኃዝ ከተጻፈው ጋር ይገጥማል? የፈረመው የሂሳቡ ባለቤት ነው? በአማርኛ ይህን ጉዳይ በአንድ ቦታ ሰብስቦ የሚያስረዳ ጽሑፍ ብዙም ስለሌለ፣ ከንግድ ሕጉና በቼክ ክፍል ከሠራሁባቸው ዓመታት የማውቀውን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ባንክ ወደ አገራችን የገባው በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በአቢሲንያ ባንክ በኩል ነው። ቼክን የሚገዛው ሕግ ግን በደንብ የተደራጀው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ነው። ሕጉን ማርቀቅ የጀመሩት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ናቸው። እሳቸው ሲያርፉ ሥራውን አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። የቼኩ ክፍል በ1931 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ብዙ አገሮች የተስማሙበትን የቼክ ሕግ ይከተላል። ሆኖም እንዳለ አልተገለበጠም። የጄኔቫው ሕግ በአንድ አገር ውስጥ ለሚከፈል ቼክ የሚሰጠው የማቅረቢያ ጊዜ 8 ቀን ብቻ ነው። የእኛው ስድስት ወር ይሰጣል። ቼክ ይዞ ከክፍለ አገር አዲስ አበባ መድረስ ቀናት ይፈጅ በነበረበት ዘመን ይህ በደንብ የታሰበበት ውሳኔ ይመስለኛል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣም ስለ ቼክ የሚናገረው የ1952ቱ ክፍል አልተነካም። ዛሬም የምንሠራው በእሱ ነው።

በሕጉ መሠረት አንድ ወረቀት ቼክ ለመባል “ቼክ” የሚል ቃል በውስጡ መጻፍ አለበት። የተወሰነ ገንዘብ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ እንዲከፈል ማዘዝ አለበት። የከፋዩ ባንክ ስም፣ የሚከፈልበት ቦታ፣ የወጣበት ቀንና ቦታ፣ የአውጪው ፊርማም ይፈለጋል። አብዛኛው በባንኩ የታተመ ስለሆነ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው በእጅ የሚሞላው ነው።

ቀኑ

በንግድ ሕጉ ቁጥር 855 መሠረት ቼክ ለክፍያ መቅረብ ያለበት በስድስት ወር ውስጥ ነው። ይህን አብዛኛው ነጋዴ ያውቀዋል። ችግሩ ያለው ቆጠራው በየትኛው ካላንደር ይጀምር የሚለው ላይ ነው። እንደ እኛ በሁለት አቆጣጠር ለሚኖር ሕዝብ የቼክ ቀን ትልቅ ጣጣ አለው።

አንድ ምሳሌ እንይ። ቼኩ ላይ “05/03/2017” ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላ ምንም የለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ኅዳር 5 ቀን 2017 ነው። በፈረንጅ ካላንደር ኅዳር 5 በ2024 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ላይ ይውላል። እንዲህ ከሆነ ቼኩ እስከ ግንቦት 5 ቀን 2017 ድረስ ይሠራል። ጸሐፊው የፈረንጁን አስቦ ከሆነ ግን ቀኑ ማርች 5 ቀን 2017 ነው፤ በእኛ የካቲት 26 ቀን 2009። ያ ቼክ ጊዜው ካለፈበት ዓመታት ተቆጥረዋል። ሁለቱም ንባቦች በወረቀቱ ላይ እኩል ትክክል ይመስላሉ።

ገንዘብ ከፋዩ ይህን የሚለየው ከቁጥሮቹ ነው። የወሩ ቦታ ላይ 13 ካለ ጳጉሜን ነው፤ ፈረንጅ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። የቀኑ ቦታ ላይ 31 ካለ የፈረንጅ ነው፤ የእኛ ወር ከ30 አያልፍም። “30/02” የእኛ ጥቅምት 30 እንጂ ፌብሩዋሪ ሊሆን አይችልም። ከዚህ ውጪ የቼኩን ተከታታይ ቁጥር ያያል። ከዚያው ጥራዝ ቀደም ብሎ የተከፈለው ቅጠል ባለፈው ወር የወጣ ከሆነ፣ ይኼኛው የሰባት ዓመት ሊሆን አይችልም። እንዲያም ሆኖ ብዙ ገንዘብ ከሆነ ስልክ ይደወላል ወይም ቼኩ ይመለሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የወሩን ስም በፊደል መጻፍና “ዓ.ም.” ወይም “እ.ኤ.አ.” ማለት።

ሌላው የታወቀ ስህተት በመስከረም ይመጣል። ዓመቱ ከተለወጠ በኋላም እጅ የለመደውን ያለፈውን ዓመት ይጽፋል። መስከረም 3 ቀን 2017 የተሰጠ ቼክ “2016” ተብሎ ከተጻፈ፣ ገና ከእጅ ሳይወጣ የአንድ ዓመት ዕድሜ አለው። የመስከረም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቼክ ክፍል በዚህ የተነሳ ሥራ ይበዛባቸው ነበር። ከመጋቢት እስከ መስከረም ሲቆጠርም ጳጉሜን አንድ ወር ናት ብለው የሚሟገቱ ደንበኞች አሉ። ጳጉሜንን እንደ ሙሉ ወር የሚቆጥር ባንክ ግን አላጋጠመኝም። የመጋቢት 10 ቼክ የሚያበቃው መስከረም 10 ነው።

ወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክስ? ሕጉ ቼክ እንደቀረበ ይከፈላል ይላል። ከተጻፈበት ቀን ቀድሞ ቢቀርብም በቀረበበት ቀን ይከፈላል። በገበያው ግን እንዲህ ያለ ቼክ እንደ ቀጠሮ ነው የሚታየው። ብዙ ጊዜ ባንኩም “ቀኑ ሲደርስ ይምጡ” ብሎ ይመልሰዋል። ይህ ያከራክራል። ባንኮቻችን ይህን የሚያደርጉት ደንበኛቸውን ከጭቅጭቅ ለመጠበቅ እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል።

በፊደልና በአኃዝ

ሕጉ እዚህ ላይ አጭርና ግልጽ ነው። በፊደል የተጻፈውና በአኃዝ የተጻፈው ከተለያዩ በፊደል የተጻፈው ይጸናል። በፊደል ወይም በአኃዝ ከአንድ ጊዜ በላይ ተጽፎ ልዩነት ካለ ደግሞ ትንሹ ይወሰዳል። ምክንያቱ አይከብድም። አንድ ዜሮ ለመጨመር አንድ የእስክሪብቶ ምት ይበቃል። በፊደል የተጻፈን ቃል ለመለወጥ ግን ብዙ መድከም አለ።

አንድ ቀን አንዲት የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ቼክ ይዘው መጡ። በአኃዝ 47,500.00 ይላል። በፊደል ግን “አርባ ሰባት ሺ አምስት ብር” ነው። “መቶ” የምትለዋ ቃል ቀርታለች። “ወንድሜ፣ አምስት መቶ ለማለት እኮ ነው” አሉኝ። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን በሕጉ ቼኩ የ47,005 ብር ቼክ ነው፤ ልዩነቱ 495 ብር። 47,500 ብከፍል አውጪው “እኔ ያዘዝኩት በፊደል ነው” ቢል ባንኩ ይጠየቃል። 47,005 ብከፍል ደግሞ ሴትዮዋ ቼካቸውን አስረክበው ቀሪውን የሚጠይቁበት ወረቀት አይኖራቸውም። “እትዬ፣ ይጻፉልዎትና ይመለሱ” አልኳቸው። በማግስቱ አዲስ ቼክ ይዘው መጥተው ተከፈላቸው።

ሕጉ በፊደሉ ክፈል ቢልም ባንኮች በአብዛኛው “የፊደልና የአኃዝ ልዩነት” ብለው ይመልሳሉ። አንዳንዶች ይህን ከሕግ ውጪ ነው ይሉታል። እኔ ግን የሕጉ ደንብ ከሁሉ በላይ ለዳኛ ነው የሚጠቅመው እላለሁ። ቼክ ይዞ ለመጣ ሰው ማወቅ የሚያስፈልገው ግን የተመለሰበትን ምክንያት ነው። “በቂ ስንቅ የለውም” ተብሎ የተመለሰ፣ ሕዝቡ ደረቅ ቼክ የሚለው፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል። በፊደልና በአኃዝ ልዩነት የተመለሰ ቼክ ግን ሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ አለመኖሩን አያሳይም። ስለዚህ መጀመሪያ በትክክል የተጻፈ ቼክ መቀበል ነው።

አማርኛ የራሱ ወጥመዶች አሉት። “ሰባ” እና “ሰባት” በአንዲት ፊደል ይለያያሉ። “ሰባ ሺ” በ“ት” መጨመር “ሰባት ሺ” ይሆናል፤ 63,000 ብር ይጎድላል። የአጻጻፍ ልዩነት ግን ስህተት አይደለም። ሺ እና ሺህ፣ ስልሳ እና ስድሳ፣ ሃምሳ እና አምሳ አንድ ናቸው። በዚህ ምክንያት ቼክ መመለስ ደንበኛን ማጉላላት ነው።

የማጭበርበሪያው በር ያለው ከፊት ነው። ብዙ ሰው አንድ ሺህ ብርን “ሺህ ብር” ብሎ ይጽፋል፤ በንግግራችን ትክክል ነው። ግን ከፊቱ ባዶ ቦታ ካለ “አርባ” ብሎ ማስገባት ይቻላል። አኃዙም 1,000 ከሆነ ከፊቱ 4ን አስገብቶ 1ን ወደ 0 መለወጥ ቀላል ነው። ስለዚህ “አንድ ሺህ ብር ከ00/100” ተብሎ ከመስመሩ ግራ ጠርዝ ይጀመራል። መጨረሻው ላይ “ብቻ” ይባልና የቀረው ባዶ ቦታ በመስመር ይዘጋል። ስርዝ ድልዝ ያለበት ቼክ አውጪው አጠገቡ ቢፈርምበትም ባይፈርምበትም ሊመለስ ይችላል። የተበላሸውን ቅጠል ሰርዞ አዲስ መጻፍ ይሻላል።

ፊርማው

ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ሲከፈት ባለቤቱ ናሙና ፊርማ ይሰጣል። ቼኩ የሚመሳከረው ከዚያ ጋር ነው። ለድርጅት ከሆነ ማን ከማን ጋር እንደሚፈርምና ማኅተም ያስፈልግ እንደሆነም አብሮ ይመዘገባል። ሁለት ፊርማ በሚጠይቅ ሂሳብ ላይ አንድ ፊርማ ብቻ ያለበት ቼክ፣ ፊርማው የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን አይከፈልም።

አዲስ ሠራተኛ ቅርጽ ያያል። የቆየ ሠራተኛ አካሄድ ያያል። እውነተኛ ፊርማ በፍጥነት የተጣለ ነው። መስመሩ የሚቀጥንበትና የሚወፍርበት ቦታ አለው፤ መጨረሻው እየሳሳ ያልቃል። ተስሎ የተፈረመ ግን እኩል ውፍረት አለው። ይንቀጠቀጣል፤ እስክሪብቶ ተነስቶ እንደገና የተቀመጠበት ነጥብ ይታያል። ወረቀቱን ገልብጦ በጣት ሲዳስሱት ጀርባው ላይ የተጫነ መስመር ይሰማል። ማንም ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይፈርምም። ከናሙናው ጋር ነጥብ በነጥብ የሚገጥም ፊርማ እንደውም የበለጠ ያጠራጥራል፤ ከሥሩ ተደርጎ የተቀዳ ሊሆን ይችላል።

ትክክለኛ ባለቤት ፈርሞም የማይገጥምበት ጊዜ አለ። ሂሳቡን የከፈተው ከሃያ ዓመት በፊት ነው፤ እጁ ተለውጧል፤ ወይም ታሟል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ግን ቼኩ ይመለሳል። ደንበኛው መታወቂያውን ይዞ ቀርቦ ናሙናውን ማደስ አለበት።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በባንኮች መካከል የሚዘዋወረው ቼክ በብሔራዊ ባንክ አውቶማቲክ ሥርዓት ውስጥ ያልፋል። ከቼኩ ግርጌ ያለውን የቁጥር መስመር ማሽን ያነበዋል። በእጅ የተጻፈውን ቀንና ገንዘብ፣ ፊርማውንም የሚያየው ግን አሁንም ሰው ነው። የሚጠራጠር ሠራተኛ የሚደውለው ደግሞ ሂሳቡ ሲከፈት በተመዘገበው ስልክ ነው፤ ቼኩን ያመጣው ሰው በሚሰጠው ቁጥር አይደለም።