የማህፀን ጠባሳ ምንድን ነው?

«የወር አበባሽ ካነሰ ጭንቀት ነው፣ ዘና በይ።» ይህን አስተያየት ያላየሁበት ሳምንት የለም። ለገጣፎ ባለው ክሊኒካችን የመጣች አንዲት የ29 ዓመት ሴት ይህንኑ ምክር ተቀብላ ስምንት ወር ጠብቃለች።

ወዳጄ አስተያየት ሰጪ፣ ጭንቀት በአብዛኛው የሚያዛባው ቀኑን ነው። አንጎል ለእንቁልጢ የሚልከው መልእክት ይቀንስና እንቁላል ሳይወጣ ይዘገያል። ስለዚህ የወር አበባው ይቆያል ወይም ይቀራል። የሷ ግን በየ28 ቀኑ ሳይዛነፍ ይመጣል። ከመምጣቱ በፊት ጡቷን ያማታል። ይህ ሁሉ ሆርሞኑ ሥራውን እየሠራ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። የቀነሰው ደሙ ብቻ ነው፤ አምስት ቀን ይፈስ የነበረው አሁን ለአንድ ቀን ሞዴስ እንኳ የማያስፈልገው ጠብታ ሆኗል።

መቼ እንደጀመራት ጠየቅኳት። «ካስወረደኝ በኋላ» አለችኝ። የአሥር ሳምንት ጽንስ ወርዶባት፣ የቀረውን ለማውጣት ማህፀኗ ተጠርጎ ነበር።

የማህፀን ውስጠኛ ሽፋንን እንደ ግጦሽ ሳር አስቡት። ላይኛው በየወሩ ይታጨዳል፣ ከሥሩ መልሶ ይበቅላል። ሆርሞን ዝናቡ ነው። ጠረጋው ጠልቆ ሥሩን ከነካ ግን፣ ክረምቱ የቱን ያህል ቢዘንብ ሳሩ እዚያ ቦታ ላይ አይበቅልም። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ትንሽ ያነክሳል፤ ምክንያቱም የቆሰለው የማህፀን ግድግዳ ከፊት ለፊቱ ካለው ጋርም ይጣበቃል። ሐኪሞች አሸርማን ሲንድረም የምንለው ይህንን ነው። በነገራችን ላይ፣ ጠረጋ ያደረገች ሁሉ ጠባሳ አይኖራትም። አገራችን ላይ ደግሞ የማህፀን ቲቢም ተመሳሳይ ጠባሳ ስለሚያመጣ አንረሳውም።

መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አደረግንላት፤ በእርግዝና መጀመሪያ የሚታይ ጠብታ ብዙዎችን ያታልላል። እርጉዝ አይደለችም። መርፌም ሆነ በክንድ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ አትጠቀምም። ብትጠቀም ኖሮ ደሟ ማነሱ የሚጠበቅ፣ ጉዳትም የሌለው ነገር ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ሁለት ቀን ብቻ የሚፈሳት ሴትም እንዲሁ አትደንግጥ። እኛን የሚያሳስበን ለውጡ ነው።

አልትራሳውንዱ ሽፋኑ መሳሳቱን አሳየ። አልትራሳውንድ ግን ጠባሳን ሊስት ይችላል፤ ንጹሕ ነው ቢልም ጉዳዩ አይዘጋም። እርግጡ የሚታወቀው በማህፀን አንገት በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብቶ በማየት ነው፤ ሂስትሮስኮፒ ይባላል። ለዚህ ወደ ከተማ ላክናት። የተጣበቀው ቦታ ተገኘ፤ በዚያው መሣሪያ እያዩ ቆረጡላት። ጠባሳው ተመልሶ ሊጣበቅ ስለሚችል ክትትሉ አልተቋረጠም።

አሁን ሦስት ቀን ይፈሳታል። አምስቱ አልተመለሰም። ስታረግዝ የእንግዴ ልጁ ግድግዳው ላይ ጠልቆ የመጣበቅ ዕድሉ ስለሚጨምር፣ ለምትከታተላት ሐኪም ጠረጋውንም ሕክምናውንም በመጀመሪያው ቀን እንድትነግራት አሳስቤያታለሁ።